የሐኪም ወረቀት መጠየቂያው ደብዳቤ ማስጠንቀቂያ አይደለም

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ የቤትና የቢሮ ዕቃ በሚያመርት ድርጅት የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝ። አንድ ሠራተኛችን ጥቅምት 17 እና 18 ቀረ፣ ከዚያ ደግሞ ከኅዳር 15 እስከ 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ቀረ። ሁለቱንም ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ለአለቃው ደውሎ «አሞኛል» ብሏል። ለጥቅምቱ የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ አመጣ፤ ለኅዳሩ ምንም አላመጣም። ሥራ አስኪያጁ «አምስት ቀን ሞልቶታል፣ አሰናብቺው» ይሉኛል። እኔ ግን የእውነት ታሞ ከሆነስ ብዬ ፈራሁ። ማስረጃ እንዲያመጣ ጠንከር ያለ፣ ግን «ዋሽተሃል» የማይል ደብዳቤ እንዴት ልጻፍ?

መልስ፦ ማሰናበቱን ለአሁኑ ይተዉት። ሥራ አስኪያጁ የሚያስቡት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 1(ለ)ን ነው። ይህ ድንጋጌ በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ስለ መቅረት በእርግጥ ይናገራል። ግን እዚያው ላይ ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ። ሠራተኛው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው የቀረ መሆን አለበት። መቅረቱም በአዋጁ ከተፈቀዱት ፈቃዶች በአንዱ የማይሸፈን መሆን አለበት። እርስዎ ጋ ማስጠንቀቂያ የለም። ቀኖቹ የሕመም ፈቃድ መሆን አለመሆናቸውም ገና አልተለየም። በዚህ ሁኔታ ብታሰናብቱት ፍርድ ቤት ላይ ስንብቱ ሕገ ወጥ የመባል ዕድሉ ሰፊ ነው።

የደብዳቤውም ነገር ከዚሁ ይያያዛል። ብዙ አሠሪዎች ማስረጃ መጠየቅንና ማስጠንቀቅን አንድ ወረቀት ላይ ይጨምሯቸዋል። «ያለ ፈቃድ ስለቀሩ የሕክምና ማስረጃ እንዲያቀርቡ እናስጠነቅቃለን» ይላሉ። ይህ ዓረፍተ ነገር ሰውየውን ሳይጠይቅ ፈርዶበታል። ነገ ሠራተኛው ትክክለኛ የሐኪም ወረቀት ይዞ ቢመጣ ደግሞ ማስጠንቀቂያው ባዶ ይቀራል፤ ድርጅቱም አስቀድሞ ወስኖ እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት በገዛ እጁ ማኅደር ውስጥ አስቀምጧል ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ይጠይቁ። ማስጠንቀቂያው አስፈላጊ ከሆነ በሌላ ቀን፣ በሌላ ደብዳቤ ይምጣ።

ለመጠየቅ መብቱ አላችሁ፣ በዚህ አይጠራጠሩ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሥራ ምክንያት ባልመጣ ሕመም መሥራት ካልቻለ፣ በአንቀጽ 85 መሠረት የሕመም ፈቃድ ያገኛል። ፈቃዱን የሚያገኘው ግን መንግሥት እውቅና ከሰጠው የሕክምና ተቋም ማስረጃ ሲያቀርብ ነው። የኅብረት ስምምነት ካላችሁ ስለዚህ ጉዳይ የተለየ ነገር ሊል ስለሚችል መጀመሪያ እሱን ያንብቡ። ያው አንቀጽ የታመመ ሠራተኛ በማግስቱ ለአሠሪው ማሳወቅ እንዳለበትም ይናገራል። የእርስዎ ሠራተኛ በዕለቱ ጠዋት ደውሏል፤ ስለዚህ ይህን ግዴታ ተወጥቷል። ይህን በደብዳቤው ላይ መጻፍ ለእርሱ ፍትሐዊ ነው። ለእናንተም ደብዳቤው በቅንነት እንደተጻፈ ማሳያ ነው።

ደብዳቤው ሳይሰድብ እንዲጠነክር የሚያደርገው ዋናው ነገር ደመወዝ ነው። በአንቀጽ 86 መሠረት የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ ይከፈላል። የሚቀጥሉት ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ክፍያ የላቸውም። ስለዚህ ወረቀቱን የምትፈልጉት ሰውየው ዋሽቷል ብላችሁ አይደለም። ሦስቱን ቀን በየትኛው መደብ እንደምትመዘግቡና እንዴት እንደምትከፍሉ ለማወቅ ነው። ይህ እውነት ነው፣ ማስመሰል የለበትም። ደብዳቤውን በዚህ ላይ ያቁሙት።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«ቀን፦ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአቶ ……

ጉዳዩ፦ የሕክምና ማስረጃ እንዲያቀርቡ ስለመጠየቅ

ከኅዳር 15 እስከ 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ባሉት ሦስት የሥራ ቀናት በሥራ ገበታዎ ላይ አልተገኙም። ኅዳር 15 ቀን ጠዋት መታመምዎን ለቅርብ ኃላፊዎ በስልክ አሳውቀዋል። በአሁኑ ጊዜ ጤንነትዎ ተመልሶ ሥራ በመጀመርዎ ደስ ብሎናል።

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 መሠረት የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው እውቅና ካለው የሕክምና ተቋም የተሰጠ ማስረጃ ሲቀርብ ነው። ቀናቱን በሕመም ፈቃድ ለመመዝገብና ደመወዝዎን በዚሁ መሠረት ለመክፈል እንድንችል፣ በተጠቀሱት ቀናት መሥራት አለመቻልዎን የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ እስከ ኅዳር 26 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ለሰው ኃይል ክፍል እንዲያቀርቡ እንጠይቃለን። የሕመምዎ ዓይነት በማስረጃው ላይ እንዲገለጽ አንጠይቅም።

ማስረጃውን በተባለው ቀን ለማቅረብ የሚያስቸግርዎ ነገር ካለ፣ ቀኑ ከማለፉ በፊት በቃል ወይም በጽሑፍ ያሳውቁን። እስከዚያ ማስረጃም ሆነ ምላሽ ካልደረሰን ቀናቱን በሕመም ፈቃድ መመዝገብ የማንችል ሲሆን፣ ጉዳዩ በአዋጁና በድርጅቱ የሥራ ደንብ መሠረት የሚታይ ይሆናል።

ግልባጭ፦ ለግል ማኅደር»

ምን እንዳለበትና ምን እንደሌለበት ይዩ። ቀኖቹ በቁጥር ተጽፈዋል። የመጨረሻው ቀን አለ። ካልመጣ ምን እንደሚሆንም ሳይደበቅ ተነግሯል። ጥንካሬው ያለው እዚህ ነው። «ታምሜአለሁ በማለት ቀርተዋል» የሚል ነገር ግን የለም፤ እንዲህ ያለ አነጋገር «እኛ አላመንንም» ማለት ነው፣ ሠራተኛውም ወዲያው ይገባዋል። «በተደጋጋሚ» የሚልም የለም። «ከዚህ በፊትም እንደለመዱት» የሚልም የለም። አዋጁ ማስረጃው በስንት ቀን ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ቁጥር ስላላስቀመጠ፣ ወደ ሐኪም ቤት ተመልሶ ወረቀት ለማጻፍ የሚበቃ ጊዜ መስጠት አለባችሁ። አንድ ሳምንት ደህና ነው። «እስከ ነገ ጠዋት» ማለት ግን ወረቀት ከመጠየቅ ይልቅ ሰውየውን ማጥመድ ይመስላል።

ግልባጩ ላይ ጠንቃቃ ይሁኑ። በእኛ አገር ደብዳቤ ግልባጭ ሲደረግ ለሥራ አስኪያጁ፣ ለሂሳብ ክፍል፣ ለጥበቃ ሳይቀር ይበተናል። የሰው ጤና ጉዳይ ግን እንዲህ መዞር የለበትም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚፈልጉት መረጃዎች መድቦታል። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይማ በፍጹም አይለጥፉት። ሁለት ኮፒ ያትሙ፣ ለብቻው ጠርተው ይስጡት፣ አንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ይፈርምልዎ። አልፈርምም ካለ አይጨቃጨቁት፤ ሲሰጠው ያዩ ሁለት ሰዎች ቀኑን ጽፈው ይፈርሙበት።

አሁን ወረቀት ይዞ መጣ እንበል። ስሙ፣ የካርድ ቁጥሩ፣ የታየበት ቀን፣ የተሰጠው የዕረፍት ቀን ብዛት፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ፣ የተቋሙ ማኅተም መኖሩን ይዩ። ቀኑ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ወይስ በአውሮፓ? ይህን ሳያጣሩ «ቀኑ አይገጥምም» እንዳይሉ፤ ኅዳር 15 በአውሮፓውያኑ ኖቬምበር 24 ነው፣ በዚህ ብቻ ስንት ሰው ተጠርጥሯል። የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ መድኃኒት መገዛቱን ብቻ ያሳያል። ሰውየው መሥራት አለመቻሉን የሚናገር ሐኪም የለበትም። ስለዚህ የጥቅምቱ ደረሰኝ ብቻውን አይበቃም። ግን ወደ ሐኪም ቤት ሄዶ ከሆነ እዚያ ካርድ አለው፤ የታየበትን የሚገልጽ ወረቀት እንዲያጽፍ ይንገሩት።

ወረቀቱ ቢያጠራጥርዎትስ? ሠራተኛውን መመርመር አይጀምሩ። ማስረጃው ላይ ስሙ ለተጻፈው ተቋም አጭር ደብዳቤ ይጻፉና «ይህ ማስረጃ ከእናንተ የተሰጠ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ምን ታሞ ነበር ብለው አይጠይቁ፤ አያገባችሁም፣ ተቋሙም ሊነግራችሁ አይገባም። በሐሰተኛ ሰነድ መጠቀም በአንቀጽ 14 ንዑስ አንቀጽ 2 የተከለከለ ድርጊት ስለሆነ፣ ተቋሙ «የእኛ አይደለም» ካለ ጉዳዩ ሌላ መንገድ ይይዛል። ይህ መልስ በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ ግን «ፎርጅድ» የምትል ቃል ከቢሮዎ አትውጣ።

አንድ በተግባር ደጋግሞ የሚመጣ ነገር አለ። ሠራተኛው ሐኪም ቤት ሳይሄድ ጠበል ሄዶ ወይም ቤቱ ተኝቶ ድኖ ሊሆን ይችላል። ያኔ ወረቀት የለውም፤ ታሞ የነበረ መሆኑ ግን እውነት ሊሆን ይችላል። ሕጉ የሚያውቀው የሕክምና ተቋም ማስረጃን ስለሆነ ቀኖቹን በሕመም ፈቃድ የመመዝገብ ግዴታ የለባችሁም። እንዲህ ያለውን ሰው «አምጣ» እያሉ ማጨናነቅ ግን ማኅተም ወደሚሸጥ ሰው መግፋት ነው። እኔ የምመክረው እውነቱን ከተናገረ ቀኖቹን ከዓመት ፈቃዱ ላይ በስምምነት፣ በጽሑፍ እንዲቀነሱ ማድረግ ነው። ወይም አንቀጽ 81 ለልዩና አሳሳቢ ሁኔታ የሚፈቅደው ደመወዝ የሌለው ፈቃድ አለ፦ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን፣ በአንድ የበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ ያልበለጠ። ደብዳቤው ላይ «የሚያስቸግርዎ ነገር ካለ ያሳውቁን» ያልኩት ለዚህ ነው። ሰውየው እውነቱን የሚናገርበት በር ይከፍታል።

ኅዳር 26 አልፎ ምንም ካልመጣ፣ ምላሽም ካልሰጠ፣ ያኔ ሁለተኛውን ደብዳቤ ይጽፋሉ። እዚህ ላይ ጉዳዩ «የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ» ይባል። ማስረጃ የተጠየቀበትን ደብዳቤ ቀን ይጥቀሱ፣ ሦስቱ ቀናት ያለ ፈቃድ እንደ መቅረት መወሰዳቸውን ይግለጹ፣ አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 1(ለ)ንም በስሙ ይጥሩ። ላልተሠራባቸው ቀኖች ደመወዝ አለመክፈል በአንቀጽ 54 የተመሠረተ ነው፤ ከዚያ ያለፈ የገንዘብ ቅጣት ግን በራሳችሁ አትጨምሩ። የጥቅምቱን ሁለት ቀን በዚህ ማስጠንቀቂያ ውስጥ አይክተቱ። ያኔ ደረሰኙን ተቀብላችሁ ዝም ብላችኋል፣ አይበቃም ብላችሁም አልጻፋችሁም። ለሥራ አስኪያጁ የሚነግሯቸውም ይህንኑ ነው፦ ቆጠራው በማስጠንቀቂያ ያልተደገፈ እስከሆነ ድረስ አምስት ቀን አልሞላም።

ትክክለኛ ማስረጃ ካመጣ ደግሞ ዝም አይበሉ። «ማስረጃዎ ደርሶናል፣ ከኅዳር 15 እስከ 17 ያሉት ቀናት በሕመም ፈቃድ ተመዝግበዋል» የምትል አጭር ደብዳቤ ይስጡትና ጉዳዩን ይዝጉት። ሦስቱ ቀን በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ከሚፈቀደው ስድስት ወር ላይ ስለሚቆጠሩ፣ መቁጠር የጀመራችሁት ከኅዳር 15 መሆኑን ማኅደሩ ላይ ያስፍሩ።