ለጅምላ ሱቅ ፐርፔችዋል ወይስ ፔሪዮዲክ?

«ዘይት፣ ሳሙናና ፓስታ በካርቶን በጅምላ እሸጣለሁ። ፐርፔችዋል ልያዝ ወይስ በዓመት መጨረሻ ብቻ ልቁጠር?»

ፐርፔችዋልን፣ ማለትም ዕቃ በገባና በወጣ ቁጥር የሚመዘገብበትን አሠራር ይያዙ። የዕቃዎ ዓይነት ጥቂት ስለሆነና በካርቶን ስለሚወጣ፣ ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ስቶክ ካርድ ከፍቶ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ መመዝገብ ይበቃል፤ ሶፍትዌር የግድ አይደለም።

በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ሽያጭ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፤ በመሸጫ ዋጋው የሽያጭ ገቢ ሆኖ፣ በተገዛበት ዋጋ ደግሞ ከዕቃ ሂሳብ ወጥቶ ወደ ተሸጠ ዕቃ ወጪ ተዛውሮ። በመጨረሻ ብቻ በሚቆጠርበት በፔሪዮዲክ ግን ግዢው ለብቻው ተከማችቶ ይቆይና፣ የተሸጠው መጠን የሚታወቀው መነሻው ከግዢው ጋር ተደምሮ በቆጠራ የተገኘው ሲቀነስ ብቻ ነው።

በ40 ካርቶን ዘይት ጀምረው 200 ገዙ እንበል። በደረሰኝ የሸጡት 180 ሲሆን፣ ሲቆጥሩ የተገኘው 55 ነው። ፔሪዮዲክ «185 ተሸጧል» ይልዎታል፤ የጠፉት 5 ካርቶኖች በወጪው ውስጥ ተደብቀው ይቀራሉ። ስቶክ ካርዱ ግን 60 ስለሚል ጉድለቱ በቆጠራው ዕለት ይታያል።

ሆኖም ካርድ አለኝ ብለው ቆጠራውን እንዳይተዉ። እኔ በሠራሁበት መጋዘን፣ በዱቤ የሚወጣው ዕቃ «ነገ ይመዘገባል» እየተባለ፣ ካርዱና መጋዘኑ ለሦስት ወር ሳይገናኙ ቆይተዋል። ስለዚህ ካርቶኑ ከበር ከመውጣቱ በፊት በካርዱ ላይ ይቀነስ፤ ቶሎ የሚሸጠውን ዘይት ደግሞ በየሳምንቱ ይቁጠሩት።