ሦስት ድረ ገጾች ተስማሙ ማለት ሦስት ምስክር ተገኘ ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ «የአያታችንን አጭር የሕይወት ታሪክ እያዘጋጀሁ ነው። ሦስት ድረ ገጾች የልደት ዓመታቸውን አንድ ዓይነት ይጽፉታል፤ አንድ የቆየ መጽሐፍ ግን ሌላ ዓመት ይላል። ብዙዎቹ የተስማሙበትን ልያዝ?»

አይያዙ። እኔ ይዤው በእብነ በረድ ሐውልት ላይ አስቀርጬ፣ ከስምንት ወር በኋላ ድንጋዩን በራሴ ገንዘብ አስቀይሬአለሁ።

አንደኛ፣ ሦስቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርገው ቃል በቃል ያንብቧቸው። የነገሩ ቅደም ተከተል አንድ ከሆነ፣ ይልቁንም ስሕተታቸው አንድ ከሆነ፣ በእጅዎ ያለው አንድ ምስክር ብቻ ነው። በእኛ ጉዳይ ሦስቱም አያቴ የተወለዱበትን መንደር ስም በአንድ ፊደል አሳስተውት ነበር፤ ሦስት ሰዎች ለየብቻቸው ጠይቀው የጻፉት ቢሆን ኖሮ ሁሉም ያችኑ ፊደል ባልሳቱ ነበር። የትኛው እንደቀደመ ለማወቅ የእያንዳንዱን ገጽ አድራሻ web.archive.org ላይ ያስገቡ፤ ገጹ ቢያንስ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደነበረና ዓመቱ መቼ እንደተለወጠ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ መጽሐፉ ከሚለው ዓመት ጋር ያለውን ልዩነት ያስሉ። ሰባት ወይም ስምንት ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ በሰውየው ዕድሜ ላይ ክርክር የለም፤ የዘመን አቆጣጠሩ ሲገለበጥ የተበላሸ ነው። የእኔም ነገር እዚህ ላይ ነው የተበላሸው።

አያቴ መምህር ነበሩ። የተወለዱት ጥር 21 ቀን 1915 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 1923 ነው። በውጭ አገር የታተመ አንድ የማጣቀሻ መጽሐፍ 1923 ብሎ በትክክል አስፍሮታል። አንድ ድረ ገጽ ግን ሰውየው ኢትዮጵያዊ ስለሆኑ ዓመቱም የኢትዮጵያ ነው ብሎ ስምንት ጨመረበትና 1931 አደረገው። አንድ የአማርኛ ገጽ 1931ን ወስዶ ስምንት ቀነሰና «1923 ዓ.ም.» ብሎ ጻፈ፤ ሦስተኛው ሁለቱ መስማማታቸውን አይቶ አመናቸው፤ እኔም ሦስተኛውን አምኜ ለድንጋይ ቀራጩ ሰጠሁት። እዚያው ገጽ ላይ «በ1934 ዓ.ም. ማስተማር ጀመሩ» ይላል። በጣቴ ብቆጥር ኖሮ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ መምህር ሊሆን እንደማይችል ወዲያው በገባኝ ነበር።

ዋናውን ማስረጃ ፍለጋ በመጀመሪያ ያገለገሉበት መሥሪያ ቤት ሄጄ የግል ማኅደራቸውን ጠየቅሁ። በሦስተኛው ምልልስ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ቀና እንኳ ሳይል «ኢንተርኔት ላይ አለ አይደል? ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ስሕተት ሊያርም የሚችለው ወረቀት ከእሱ ጀርባ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበርና።

ማስረጃው የተገኘው ከአክስቴ ቤት ነው። የአያቴ አባት ንብረት የነበረው ዳዊት በማኅደሩ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል። በመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ፣ ጠርዙ የጧፍ ሰም የነካው ሆኖ፣ «ጥር ፳፩ ቀን ሰኞ በዘመነ ሉቃስ ፲፱፻፲፭ ዓመተ ምሕረት ተወለደ» ይላል፤ ከሥሩም የክርስትና ስማቸው አለ። የጻፈው አባት ነው፣ የጻፈውም በዚያው ሰሞን ነው፣ ከማንም አልቀዳም። የመጀመሪያ ምንጭ የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

ቢሆንም እሱንም መርምሬዋለሁ። 5500 ላይ 1915 ሲደመር 7415 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል፣ ሦስት ደግሞ ሉቃስ ነው። እዚህ ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ ስምንት ለአራት ያለ ቀሪ ስለሚካፈል 1923ም ዘመነ ሉቃስ ነው። ስለዚህ የወንጌላዊው ስም የሰባት ዓመት ስሕተትን ያጋልጣል እንጂ የስምንቱን አያጋልጥም። ጉዳዩን የቆረጠልኝ ዕለቱ ነው፤ ጥር 21 በ1915 የዋለው ሰኞ ሲሆን፣ በ1923 ግን ሐሙስ ነበር።

እርስዎም መጽሐፉን ራሱን አምነው አያቁሙ፤ ከየት እንዳገኘው መቅድሙንና የግርጌ ማስታወሻውን ይዩ፤ ከዚያ የቤተሰቡን ዳዊት፣ የክርስትና መዝገብ ካለም እሱን፣ የትምህርት ቤትና የሥራ ማኅደራቸውን ይጠይቁ። የቅጠሉን ፎቶግራፍ ለሦስቱም ገጾች ልኬ ሁለቱ አርመዋል፤ ሦስተኛው «ሌሎች ምንጮች 1923 ይላሉ» ብሎ መልሶልኛል፤ እነዚያ ምንጮች ግን እነዚሁ የታረሙት ሁለቱ ነበሩ። እርስዎ ሲያሳትሙ «ጥር 21 ቀን 1915 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 1923)» እንደሚለው አድርገው ሁለቱንም አቆጣጠር በአንድ መስመር ያስፍሩ፤ ከእርስዎ የሚቀዳው ሰው የሚጨምረውም የሚቀንሰውም አይኖረውም።