«አባባ፣ እማማ የት ነው የምትሄደው?»

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤

ባለቤቴ ካረፈች 16 ቀን ሆናት። በቀብሯ ዕለት የ5 ዓመት የልጅ ልጄ እጄን ይዞ ቆሞ ነበር። ሳጥኑ ሲወርድ ቀና ብሎ «አባባ፣ እማማ የት ነው የምትሄደው?» አለኝ። አፌ ላይ እንደመጣልኝ «ደክሟት ተኝታለች፤ ሰማይ ቤት ትሄዳለች» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ማታ አልተኛም ይላል። ቀን እኔን ሸለብ ሲያደርገኝ እየነቀነቀ ይቀሰቅሰኛል። ትናንት ዝናቡ ሲጥል «ለእማማ ጋቢ እንውሰድላት» ብሎ አለቀሰ። እናቱ «አታንሱበት፣ ይረሳዋል» ትላለች። 40ዋም እየደረሰ ነው። ልውሰደው ወይስ ጎረቤት ይቆይ?

አያት፣ ከአዲስ አበባ

*

እግዚአብሔር ያጽናዎት አባቴ።

የልጁ ጭንቀት ከየት እንደመጣ ከራሱ ሥራ ይታወቃል። እርስዎ ሲያንቀላፉ የሚቀሰቅስዎ፣ ተኝተው እንደ እማማ እንዳይቀሩበት ነው። ለኛ «አረፈች»፣ «አንቀላፋች»፣ «ተለየችን» የአክብሮት ቃል ነው፤ የ5 ዓመት ልጅ ግን ቃሉን እንደወረደ ነው የሚሰማው። ያረፈ ይነሳል፣ የተኛ ይነቃል፣ የሄደ ይመለሳል። እኔን በልጅነቴ «አጎትህ ውጭ አገር ሄዷል» ብለውኝ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር በር ላይ ቆሜ እጠብቅ ነበር። ከመሞቱ ይልቅ ደብዳቤ አለመላኩ ነበር የሚያናድደኝ።

ሌላው ነገር፣ በዓይኑ ያየውና የሰማው አልገጠሙለትም። እማማ ወደ መሬት ስትወርድ አይቷል፤ ሰማይ ሄደች ተብሏል። የጠየቀዎት አንድ ጥያቄ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሁለት ነው፤ ሥጋዋ የት ሄደ? ነፍሷስ? መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 12 ቁጥር 7 ላይም ሁለቱ ተለያይተው ነው የተነገሩት፤ አፈሩ ወደ ምድር፣ ነፍስ ወደ ሰጣት አምላክ። እርስዎም ለያይተው ይንገሩት።

መጀመሪያ የራስዎን ቃል ያንሱ። «ያን ቀን እማማ ተኝታለች ያልኩህ ተሳስቼ ነው። እማማ ሞታለች» ይበሉት። «ሞተች» የሚለው ቃል ለእርስዎ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ለእሱ ግን ከሌሎቹ ይቀለዋል። ከዚያ መሞት ምን እንደሆነ ያስረዱት፤ «ሰውነቷ ሥራውን አቁሟል። አትተነፍስም፣ አይርባትም፣ አይበርዳትም፣ አያማትም። የቀበርነው ሰውነቷን ነው፤ ተመልሶ አይነሳም።» የጋቢው ነገር የሚፈታው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ ያለቀሰው እዚያ ታች ሆና ብርድ የሚሰማት መስሎት ነውና። ስለ ትንሣኤ ሙታን ከጠየቀ ይመልሱለት፤ ካልጠየቀ ግን ዛሬ አያንሱት። «ትነሣለች» የሚለው እንደ ነገ ይሆንበታል።

ነፍሷን ሌላ ጊዜ፣ ለብቻው፣ «እኛ የምናምነው» ብለው ይጀምሩለት፤ ነፍሷን እግዚአብሔር ተቀብሏታል፣ በዓይን አትታይም፣ የምንጸልየውም ስለዚህ ነው። «ሰማይ ላይ ሆና ታይሃለች» ባይሉት እመርጣለሁ። ሲያጠፋ እያየች የምትቆጣው የሚመስለው ልጅ አለ።

ለእንቅልፉ ደግሞ ቀን ጋደም ሲሉ እጁን ደረትዎ ላይ ያድርግ። «ይኸው ከፍ ዝቅ ይላል፤ የተኛ ሰው ይተነፍሳል፣ ሲጠሩት ይሰማል» ይበሉትና ስምዎን ጠርቶ ይቀስቅስዎ። ሦስት አራት ጊዜ ይሞክረው። ማታ መብራት በርቶ፣ እናቱ አጠገቡ ሆና ይተኛ።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይያዝለትም። አብዛኞቹ ልጆች ሞት የማይመለሱበት መሆኑን የሚረዱት ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ቀስ በቀስ ነው። ነገ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቅዎ ረስቶት አይደለም፤ መልሱ ዛሬም ያው መሆኑን እያረጋገጠ ነው። ያንኑ ቃል ይድገሙለት። «አንተስ ትሞታለህ?» ማለቱም አይቀርም። አልሞትም አይበሉት። «ሰው ሁሉ ይሞታል፤ እኔ ግን አሁን ደህና ነኝ። እናትህም አለች» በቂ ነው። በዚያውም «እማማ የሞተችው በሽታዋ በጣም ጠንቶባት ነው» እንደሚባለው፣ ምክንያቱን በእውነት ይንገሩትና «አንተ ባደረግከው ነገር አይደለም» የሚለውን ይጨምሩ። አስቸግሯት ያውቅ ከሆነ በልቡ ይዞት ሊሆን ይችላል።

እናቱ «ይረሳዋል» ያለችው ከእናትነት ነው፤ ዝም ሲሉት ግን የሚቆመው መጠየቁ ብቻ ነው። ከሳምንታት በኋላም እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ መብል ከቀነሰ ወይም ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ ከጀመረ ለሕፃናት ሐኪም ያሳዩት።

40ዋ ላይ ይውሰዱት፤ ግን በዋዜማው የሚያየውን በሙሉ ይንገሩት። ቄሶች ይጸልያሉ፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ሰው ያለቅስ ይሆናል፣ ነዳያን ይበላሉ፣ እማማ ግን አትመጣም። ይህን የመጨረሻውን አይዝለሉት፤ ድግስ ሲያይ ልትመጣ ነው ብሎ ይጠብቃልና። አልሄድም ካለ አያስገድዱት። ከሄደም የሚያውቀው አንድ ሰው አጠገቡ ይሁን፤ ከደከመው ይዞት ይወጣል።

ጋቢውን መቃብር ላይ አያኑሩለት፤ ይበርዳታል የሚለውን ያጸናበታል። የእማማ ጋቢ ቤት ካለ፣ ማታ ሲተኛ እሱ ይልበሰው።