ሁለት እርምጃ ማት፦ ሩኩ ለምን b4 ላይ ይቆያል?

ጥያቄ፦ “በቼዝ የሁለት እርምጃ ማት ስፈታ ጠንካራ የሚመስል እርምጃ ቶሎ አገኛለሁ፤ መልሱን ስከፍት ግን ያላየሁት መከላከያ ይወጣል። ሁሉንም መከላከያ ሳልዘል የምፈትሸው እንዴት ነው?”

እኔም ለረጅም ጊዜ የምሳሳተው በአንድ ዓይነት መንገድ ነበር። የራሴን ዛቻ ካገኘሁ በኋላ የጥቁርን መልስ የምፈልገው በንጉሡ ዙሪያ ብቻ ነበር፤ መፍትሔዬን የሚያፈርሰው እርምጃ ግን ብዙውን ጊዜ ከሰሌዳው ሌላ ጫፍ ይመጣ ነበር። ይህ እንዴት እንደሚሆን በአንድ አቀማመጥ ላይ ደረጃ በደረጃ ላሳይዎት። ለማስረጃነት ያዘጋጀሁት ነው፤ ከቻሉ በእውነተኛ ሰሌዳ ላይ ይደርድሩት።

```
6bk/5p1p/7K/b5N1/1R6/8/4R3/8 w - - 0 1
```

ነጭ ንጉሡ h6፣ ፈረሱ g5፣ ሩኮቹ b4 እና e2 ላይ ናቸው። ጥቁር ንጉሡ h8፣ ቢሾፖቹ g8 እና a5፣ ወታደሮቹ f7 እና h7 ላይ ናቸው። ተራው የነጭ ነው፤ በሁለተኛው እርምጃው ማት ማድረግ አለበት።

ማንኛውንም እርምጃ ከመሞከሬ በፊት የጥቁር ንጉሥ የት መሄድ እንደሚችል አያለሁ። እዚህ አንድም ቤት የለውም፤ g8 እና h7 በራሱ ሠራዊት ተይዘዋል፣ g7ን ደግሞ የነጭ ንጉሥ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ፈረሱ በሰላም ቼክ የሚልበት አንድ ቤት ብናገኝ ጨዋታው ያበቃል፤ የፈረስ ቼክ በመካከል በሚገባ ነገር ሊጋረድ አይችልምና። ይህ ቤት f7 ነው፤ g6ም ቼክ ይሰጣል፣ ነገር ግን እዚያ ሁለት ወታደሮች ይጠብቁታል፣ ፈረሱም ከg5 በአንድ እርምጃ አይደርስበትም።

አሁን አስገዳጅ እርምጃዎችን በቅደም ተከተል እንሞክር፤ መጀመሪያ ቼክ፣ ከዚያ መብላት፣ ከዚያ በሚቀጥለው እርምጃ ማት የሚዝት። ነጭ ያለው ቼክ አንድ ብቻ ነው፤ Nxf7+። ጥቁር ያለው መልስም አንድ ብቻ ነው፤ በg8 ያለው ቢሾፕ ፈረሱን ይበላል። ከዚያ Re8+ ቢሉ ቢሾፑ ሩኩን ይበላዋል፤ Rb8+ ቢሉ ደግሞ ቢሾፑ ወደ g8 ተመልሶ ይጋርዳል። ቼኩ አልተሳካም። እዚህ ብዙ ሰው “አልሠራም” ብሎ ወደ ሌላ እርምጃ ያልፋል፤ እኔ ግን በወደቀው ቼክ ላይ አንድ ደቂቃ መቆየትን እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ቼኩን ያከሸፈው ማን እንደሆነ በትክክል ነግሮናል። f7ን የሚጠብቅ የጥቁር ኃይል የg8 ቢሾፕ ብቻ ነው። እርሱ መንቀሳቀስ ባይችል ኖሮ ያው ቼክ ማት ይሆን ነበር።

ሁለተኛው መብላት Nxh7 ነው፤ ቢሾፑ በh7 ይበላዋል፣ ሩክ በ8ኛው ረድፍ ቼክ ሲል ቢሾፑ ወደ g8 ይመለሳል፣ ማት የሚያደርግ ፈረስም አይቀርም። እዚህ ላይ የምንማረው ነገር የለም፤ እንለፈው።

ከመጀመሪያው ሙከራ ያገኘነው መረጃ በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ዓይነት እርምጃ ይወስደናል። ቢሾፑን ከንጉሡ ጋር የሚያስር፣ ማለትም ፒን የሚያደርግ እርምጃ ሩክን ወደ 8ኛው ረድፍ ማድረስ ነው። ሩክ እዚያ ከደረሰ የg8 ቢሾፕ ከቦታው መነሳት አይፈቀድለትም፣ Nxf7 ደግሞ ማት ይሆናል። ችግሩ ወደ 8ኛው ረድፍ የሚሄዱ ሁለት ሩኮች መኖራቸው ነው፤ Rb8 እና Re8።

የመጀመሪያ ዓይን የሚመርጠው Rb8ን ነው። የb4 ሩክ በa5 ቢሾፕ ሊበላ ነው፤ ስለዚህ Rb8 ሩኩን ያተርፋል፣ ቢሾፑንም ያስራል፣ ማትም ይዝታል። እኔ እንዲህ ባሉ አቀማመጦች ላይ ደጋግሜ የተሸነፍኩት በዚህ ዓይነት እርምጃ ነው፤ ሦስት መልካም ነገር በአንድ ጊዜ የሚሠራ እርምጃ የሚያስከፍለውን ዋጋ እንዳናይ ያደርገናል። ስለዚህ ከዛቻው በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፤ ይህ ሩክ ከተነሳበት ቤት ምን ይጠብቅ ወይም ምን ይዘጋ ነበር? b4 በa5 እና በd2 መካከል ባለው ሰያፍ መስመር ላይ ይገኛል። ሩኩ ሲነሳ ቢሾፑ በb4 እና በc3 አልፎ d2 ይደርሳል። d2፣ e3፣ f4፣ g5፣ h6 ደግሞ አንድ መስመር ናቸው። ስለዚህ ከ1.Rb8 በኋላ 1...Bd2 ሲመጣ ፈረሳችን ከራሳችን ንጉሥ ጋር ይታሰራል፤ Nxf7 ሕገ ወጥ ይሆናል። ሩኩ ቢሾፑን በd2 ሊበላ ይችላል፣ በተራ ጨዋታም ነጭ ያሸንፋል፣ ነገር ግን ይህ ሁለተኛው እርምጃ ነው፤ ማትም አይደለም።

Rb8ን የሚያፈርስ ሌላም መልስ አለ፤ 1...Bd8። ቢሾፑ በሩኩና በg8 መካከል ይገባል፣ የg8 ቢሾፕ እስራት ይፈታል፣ 2.Nxf7+ ሲባልም እንደ መጀመሪያው ፈረሱ ይበላል። አንድ ማፍረሻ ካገኘን ሙከራው ሞቷል፤ ሁለተኛውን ያነሳሁት በኋላ ስለሚጠቅመን ነው።

አሁን 1.Re8። የb4 ሩክ ባለበት ይቆያል፣ ሊበላም ይችላል፤ ይህ ነው እጅን የሚይዘው። እዚህ ላይ “ይመስለኛል” በሚል አላቆምም፤ የጥቁርን ሕጋዊ እርምጃዎች በሙሉ በየኃይሉ እቆጥራለሁ፣ ከንጉሡም ሳይሆን ከሩቁ ኃይል እጀምራለሁ።

የa5 ቢሾፕ አራት እርምጃዎች አሉት። ወደ d2 የሚወስደው መንገድ በራሳችን ሩክ ተዘግቷል። Bxb4 ሩኩን ይበላል፣ በሚቀጥለው ወይ d2 ላይ ሊያስር ወይ f8 ላይ ቼክ ሊል ይዘጋጃል፣ ግን አንድ እርምጃ ዘግይቷል፤ 2.Nxf7 ማት። Bb6 ወደ e3 መውረድን ያስባል፣ Bc7 ደግሞ ወደ f4፤ ሁለቱም ፈረሱን ሊያስሩ ነው፣ ሁለቱም ዘግይተዋል፤ 2.Nxf7 ማት። Bd8፣ Rb8ን ያፈረሰው ያው እርምጃ፣ አሁን ምንም አይጋርድም፤ ሩኩ e8 ላይ ስለሆነ በእርሱና በg8 መካከል ያለው ቤት f8 ብቻ ነው። ቢሾፑ ፈረሱን ያጠቃል፣ ነገር ግን ተራው የእኛ ነው፤ 2.Nxf7 ማት።

የg8 ቢሾፕ ታስሯል፤ አንድም እርምጃ የለውም። የh7 ወታደር ፊት ለፊቱ ንጉሣችን ቆሟል። ንጉሡም መሄጃ የለውም። የቀረው የf7 ወታደር ነው፤ f6 ወይም f5። f6 ፈረሱን ያጠቃል፣ በመጀመሪያ እይታም ማቱን ያበላሸው ይመስላል፤ የምንበላው ወታደር f7 ላይ የለምና። ማት ለማድረግ የምንፈልገው ግን ቤቱን ነው፤ 2.Nf7 ከሁለቱም በኋላ ማት ነው። g7 አሁንም በንጉሣችን ይጠበቃል፣ የታሰረው ቢሾፕም f7ን መብላት አይችልም።

አራትና ሁለት ስድስት ናቸው፤ ጥቁር ከ1.Re8 በኋላ ያለው ሕጋዊ እርምጃ ይህ ብቻ ነው፣ ለእያንዳንዱም ማት አግኝተናል። ቁጥሩን መያዝ ዋናው መቆጣጠሪያዬ ነው። መጀመሪያ ስንት ሕጋዊ እርምጃ እንዳለ እቆጥራለሁ፣ ከዚያ ለስንቱ ማት እንዳገኘሁ እቆጥራለሁ፤ ሁለቱ ካልገጠሙ የዘለልኩት አለ ማለት ነው። መከላከያ “ምን ሊያደርግ ይችላል?” ብለን በሐሳብ ስንፈልግ የሚታየን ዛቻውን በግልጽ የሚነካው ብቻ ነው፤ እንደ Bd2 ያለ፣ ማት የሚያደርገውን ኃይል ከኋላው የሚያስር እርምጃ ግን የሚገኘው በቆጠራ ነው። ከዚህ ሌላ በቆጠራ ጊዜ ለይቼ የምመለከተው ጥቁር ለንጉሣችን ቼክ የሚልባቸውን እርምጃዎች ነው፤ ቼክ ከመጣ ዛቻችን ምንም ይሁን መጀመሪያ መልስ ልንሰጠው ይገባል።

በማቱ ላይም አንድ ፍተሻ ይቀራል። ቼክ የሚለውን ኃይል የሚበላው አለ? በመካከል መግባት ይቻላል? ንጉሡ የሚሄድበት ቤት አለ? ፈረስ ሲሆን ሁለተኛው ጥያቄ ራሱ ይወድቃል፤ ሩክ፣ ቢሾፕ ወይም ንግሥት ከሩቅ ቼክ ስትል ግን ብዙ ሐሰተኛ ማት የሚፈጠረው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው።

ቼክን መጀመሪያ መሞከር መፍትሔው ቼክ ነው ማለት እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። ከእውነተኛ ጨዋታ በተወሰዱ አቀማመጦች የመጀመሪያው እርምጃ ብዙ ጊዜ ቼክ ነው፤ በደራሲ በተዘጋጁ ችግሮች ግን በቼክ የሚጀምር መፍትሔ እንደ ድክመት ስለሚቆጠር እምብዛም አይገኝም። እኔ በሁለቱም ቼክን አስቀድሜ የምሞክረው መልሶቹ ጥቂት ስለሆኑ ቶሎ ስለሚያልቁና ሲወድቁም እንቅፋቱን ስለሚያሳዩ ነው። በዓለም የቼዝ ችግር መፍታት ሻምፒዮና ለሁለት እርምጃ ማት የሚጠየቀው የመጀመሪያውን እርምጃ መጻፍ ብቻ ነው፣ ለሦስት ችግሮችም 20 ደቂቃ ይሰጣል፤ በልምምድ ጊዜ ግን የጥቁርን መልሶች በሙሉ በወረቀት ላይ እንዲጽፉ እመክርዎታለሁ።

ሰሌዳውን ሳያፈርሱ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ የa5ን ቢሾፕ አንስተው c7 ላይ ያስቀምጡት። አሁን 1.Re8 ቢሉ 1...Bf4 ይመጣል፣ ፈረሱ ይታሰራል፣ የb4 ሩክ ቢሾፑን ሊበላው ቢችልም ማት የለም። 1.Rb8 ደግሞ ወዲያው ይበላል። አንድ ኃይል ሁለት ቤት ሲዛወር ስድስቱን መልሶች እንደገና ከመጀመሪያው መቁጠር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።