«ሰሜን ሸዋ» ሁለት ዞን ነው፦ የወረዳ ከተማን እርከን ከክፍት የካርታ መዝገብ ላይ ማጣራት

ጥያቄ፦ «በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ያሉትን የወረዳ ከተሞች ዝርዝር እያዘጋጀሁ ነው። ከጂኦኔምስ ባወረድኩት ፋይል ላይ ሰሜን ሸዋ ብዬ ሳጣራ ፍቼ አብራ መጣችብኝ። መሐል ሜዳ ደግሞ እዚያ PPL ብቻ ነው የምትለው፤ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ place=town ተብላለች። የትኛውን ልመን?»

መልስ፦ ፍቼ የመጣችው በስም ስላጣሩ ነው። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን በአማራም በኦሮሚያም ክልል አለ፤ የመጀመሪያው መቀመጫ ደብረ ብርሃን፣ የሁለተኛው ፍቼ ነው። በዚያ ላይ ስሙ በላቲን ፊደል Semen Shewa፣ North Shewa፣ North Shoa እየተባለ በየዓይነቱ ይጻፋል። ስለዚህ በስም ሲያጣሩ የሌላው ዞን ከተሞች ይገባሉ፣ ከራስዎ ዞን ደግሞ የሚቀሩ ይኖራሉ። ማጣራት ያለብዎ በኮድ ነው። በጂኦኔምስ ፋይል 11ኛው ዓምድ ክልሉን ይይዛል፤ አማራ 46፣ ኦሮሚያ 51 ነው። 12ኛው ዞኑን፣ 13ኛው ወረዳውን ይይዛል። የዞኑን ኮድ admin2Codes.txt ከሚባለው ፋይል ላይ ያገኙታል፤ በET.46 ከሚጀምሩት መስመሮች መካከል የእርስዎን ዞን ይፈልጉ።

```
awk -F'\t' '$11=="46"' ET.txt | cut -f1,2,7,8,12,13,19
```

ውጤቱን ሲያዩ 12ኛው ወይም 13ኛው ዓምድ ባዶ የሆነባቸው ረድፎች ይገጥሙዎታል። ባዶው የሚለው «ማንም አልሞላውም» ብቻ ነው፤ ቦታው ለክልሉ በቀጥታ ይጠራል ማለት አይደለም። በዞን ኮድ ብቻ ካጣሩ እነዚህ ሁሉ ሳይታወቁ ከዝርዝርዎ ይወድቃሉ። ለብቻቸው አውጥተው ከታች በተገለጸው መንገድ በመጋጠሚያ ነጥባቸው ይመድቧቸው።

ወደ መሐል ሜዳ ስንመጣ፣ ሁለቱ መዝገቦች አልተጣሉም፤ የሚናገሩት ስለተለያየ ነገር ነው። PPL ማለት «ሰው የሚኖርበት ቦታ» ነው። ትልቅ ይሁን ትንሽ አይልም። የወረዳ መቀመጫ መሆኑ ተመዝግቦ ቢሆን ኮዱ PPLA3 ይሆን ነበር፤ የዞን መቀመጫ PPLA2፣ እንደ ባሕር ዳር ያለ የክልል መቀመጫ ደግሞ PPLA ነው። በኦፕንስትሪትማፕ place=town የሚለው በበኩሉ የሰፈራውን ስፋትና አገልግሎት እንጂ አስተዳደራዊ እርከኑን አይነግርዎትም። የወረዳ መቀመጫ ሆና village የተባለች ከተማ ብትገኝ በራሱ ስህተት አይደለም። እዚያ መቀመጫነት የሚታወቀው የወረዳውን ወሰን በያዘው ዝምድና (ሪሌሽን) ውስጥ ከተማዋ admin_centre የሚል ሚና ተሰጥቷት እንደሆነ በማየት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ሌላ ነገር አለ። ወረዳው ራሱ፣ ማለትም መሬቱና ወሰኑ፣ ከከተማዋ የተለየ ረድፍ ነው። በጂኦኔምስ ክልል ADM1፣ ዞን ADM2፣ ወረዳ ADM3 ይባላል። የኦፕንስትሪትማፕ admin_level ቁጥር ግን በሌላ አቆጣጠር የሚሄድ ነው፦ አገር 2፣ ክልል 4 ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ADM3ን ከadmin_level=3 ጋር ያገናኘ ሰንጠረዥ ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምሮ ተበላሽቷል። ቁጥር በቁጥር ከማገናኘት ይልቅ ከጎረቤት ወረዳዎች ጋር ያስተያዩ፤ ከአጎራባቾቹ የተለየ ቁጥር የያዘ ወረዳ ካለ የሚጠረጠረው እሱ ነው።

ከተማዋ በየትኛው ወረዳ ውስጥ እንደምትወድቅ ለማየት የሚከተለውን የኦፕንስትሪትማፕ መረጃ መጠየቂያ በሆነው በኦቨርፓስ ላይ ያስኪዱ። እዚህ ያለው ነጥብ የደብረ ብርሃን ነው፤ በእሱ ቦታ የራስዎን ያስገቡ፦

```
[out:json];
is_in(9.68,39.53)->.a;
area.a[boundary=administrative];
out tags;
```

ነጥቡን የሚያቅፉት ወሰኖች ሁሉ ከእነ admin_level ቁጥራቸው ይወጣሉ። መሐል ሜዳ መንዝ ጌራ ምድር ውስጥ መውደቅ አለባት። ጎረቤት ወረዳ ውስጥ ከወደቀች ወሰኑን ከመውቀስዎ በፊት ነጥቡን ይመርምሩ። ጂኦኔምስ ለአገራችን መነሻ ያደረገው የአሜሪካ መንግሥት የቦታ ስሞች መዝገብ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ነጥቦች ወደ ቅርቡ ደቂቃ ተጠጋግተው የገቡ ናቸው። መለያው ቀላል ነው፦ ከነጥብ በኋላ ያለውን ክፍልፋይ በ60 ያባዙት። 0.53333 በ60 ሲባዛ 32 ይሆናል፤ ሙሉ ቁጥር ከሆነ ተጠጋግቷል ማለት ነው። አንድ ደቂቃ መሬት ላይ 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ወሰን አጠገብ ያለች ከተማ በዚህ ብቻ ወረዳ ልትቀይር ትችላለች። ነጥቡን በሳተላይት ምስል ላይ ከቤቶቹ መሐል አስቀምጠው ጥያቄውን እንደገና ያስኪዱት።

ነጥቡ ትክክል ሆኖ ውጤቱ የማይገጥምበት ጊዜም አለ። ደብረ ብርሃንን የሚከባት ባሶና ወራና ወረዳ ነው፤ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ያለው ግን በከተማዋ ውስጥ ነው፣ ከተማዋ ደግሞ የራሷ አስተዳደር አላት። ስለዚህ የወረዳው መቀመጫ ከወረዳው ወሰን ውጭ መውደቁ ስህተት ሆኖ አይቆጠርም። እንዲህ ያለውን «ለማስተካከል» ወሰን የሚያንቀሳቅስ ሰው ትክክለኛውን መረጃ ያበላሻል።

የወረዳው ስም ያረጀ ሆኖ ሊያገኙትም ይችላሉ። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ የዛሬው መንዝ ጌራ ምድርና መንዝ ቀያ ገብርኤል ጌራ ምድርና ቀያ በሚባል አንድ ወረዳ ሥር ነበሩ፤ በ1999ኙ ቆጠራ ግን ለየብቻ ናቸው። የድሮውን ስም የያዘ ወሰን ካገኙ ስፋቱ ከሁለቱ ድምር ጋር የሚቀራረብ መሆኑን ያረጋግጡና ለሁለት ይክፈሉት፤ ስሙን ብቻ መቀየር አንዱን ወረዳ ከካርታ ላይ ያጠፋል። እንደ መንዝና ግሼ ወይም ተጉለትና ቡልጋ ያለ አውራጃ፣ ወይም ሸዋ ክፍለ ሀገር ራሱ፣ በዛሬ እርከን ተመዝግቦ ሊያገኙት ይችላሉ። ቀርቶ ሳለ ADM2 ወይም ADM1 ከተባለ ስህተት ነው፤ ትክክለኛው መጨረሻው ላይ H ያለበት ADM2H ወይም ADM1H ነው። 19ኛው ዓምድ ላይ ያለው የማሻሻያ ቀን ደግሞ አያታልልዎት፤ ረድፉ መነካቱን እንጂ እርከኑ መረጋገጡን አያሳይም።

ምስክር ሲቆጥሩም ይጠንቀቁ። የሴብዋኖና የስዊድንኛ ውክፔዲያ ስለ ቦታዎች ብዙ ጽሑፍ በቦት ያስገቡት ከጂኦኔምስ ወስደው ነው፤ ከእነሱ ደግሞ ብዙው ወደ ዊኪዳታ ገብቷል። ሦስቱ ቢስማሙ ምስክሩ ያው አንዱ ነው። በዊኪዳታ P131 (የሚገኝበት አስተዳደር) ሥር ያለውን ዋጋ ሲያዩ ምንጩን ይክፈቱ፤ ምንጩ ጂኦኔምስ ከሆነ ወይም ባዶ ከሆነ አይቁጠሩት።

ራሱን የቻለ ምስክር የሚሆነው በመጀመሪያ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ የሚያወጣው የወሰን ፋይል ነው። የቦታ ኮዱ ተደራራቢ ስለሆነ ስም ሳያነቡ ዞኑን ያውቃሉ፦ ET03 አማራ፣ ET04 ኦሮሚያ ሲሆን ቀጥለው ሁለት አኃዝ ለዞን፣ ሁለት አኃዝ ለወረዳ ይመጣሉ። ሁለቱን ሰሜን ሸዋዎችም AM እና OR በሚል ለይቶ ይጽፋቸዋል። ቀጥሎ የቆጠራው ሰንጠረዥ አለ። የመጨረሻው ቃል ግን የወረዳው አስተዳደር ራሱ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው፤ አርማው ሥር ክልሉ፣ ዞኑና ወረዳው በቅደም ተከተል ይቀመጣሉ፣ ጽሕፈት ቤቱ ያለበት ከተማም ይገለጻል። ስለ ወረዳ መከፈል ክርክር ከተነሳ የክልሉን ዝክረ ሕግ ማየት ነው።

በሰንጠረዥዎ ላይ ለእያንዳንዷ ከተማ የሰፈራውን ዓይነት፣ መቀመጫ የሆነችለትን እርከን እና የምትገኝበትን ወረዳ በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይያዙ፤ አጠገባቸው ምስክሩንና የምስክሩን ዓመት ይጻፉ። መሐል ሜዳ በዚህ አያያዝ ከተማ፣ የወረዳ መቀመጫ፣ መንዝ ጌራ ምድር ትባላለች። ጂኦኔምስ ላይ ሲያርሙ ኮዷን ከPPL ወደ PPLA3 ይቀይሩ። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ placeን ሳይነኩ የadmin_centreን ሚና ያስገቡ፤ ሲያስቀምጡም ምንጩን ይጥቀሱ፣ ከንግድ ካርታ የተቀዳ ግን አያስገቡ፤ ፈቃዱ ስለማይገጥም ይሰረዛል።