ክዳኑ የሚያፈስ ጠርሙስ፦ እኛ ዲማይክን ላይኑ ላይ እንዴት እንደሰራነው

ጥያቄ፦ "ሰላም ግሩፕ፣ ባህር ዳር አንድ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ኳሊቲ ላይ ገና መቀጠሬ ነው። አለቃዬ የሚያፈሱትን ጠርሙሶች በሲክስ ሲግማ ቀንስልኝ ብሎኛል። የዲማይክን አምስት ደረጃ፣ ዲፋይን፣ ሜዠር፣ አናላይዝ፣ ኢምፕሩቭ፣ ኮንትሮል፣ በቃሌ አውቃለሁ ግን ላይኑ ላይ ከምን ልጀምር? የሰራችሁበት ካላችሁ በናታችሁ።"

ወንድሜ እኔም እዚሁ ጣና ዳር አንድ ፋብሪካ (ስሙ ይቅር) እያለሁ የተሰጠኝ ቁርጥ ይሄው ነው። ረዘም ይላል ታገሰኝ።

ዲፋይን ላይ ሰው ቶሎ የፕሮጀክቱን ቻርተር ሞልቶ ያልፋል፣ እኔም እንደዛ ላደርግ ነበር። ከገበያ የሚመጣው ቅሬታ ሁሉ "ያፈሳል" ተብሎ አንድ መዝገብ ላይ ነው የሚጻፈው። አንድ ቀን ከመተማ የተመለሰ ጭነት መጣ፣ ጠርሙሶቹ ጎናቸው ወደ ውስጥ ጭምድድ ብሏል፣ ሁሉም ሰው አፍስሶ ነው አለ። ከፍተን ብናየው ውሃው ልክ ነው። ነገሩ ምን መሰለህ፣ ባህር ዳር ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እዚህ ከውሃው በላይ የታሸገችው አየር ቆላ ስትወርድ የውጪው አየር ግፊት ስለሚበልጣት ጠርሙሱን ይጨምቀዋል። እንደውም የተጨማደደው በደንብ የተዘጋው ነው፣ ክዳኑ ቢያሳልፍማ አየር ገብቶ ይስተካከል ነበር! ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱን ለየን፣ ከዛ "የሚያፈስ" ማለት ምን እንደሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍን፦ ጠርሙሱ በጎኑ ተኝቶ 2 ኪሎ ክብደት ተጭኖበት 5 ደቂቃ ውስጥ ከስሩ ያለው ደረቅ ሶፍት ከረጠበ ዲፌክት ነው፣ አለቀ። ክብደቱን ከመጋዘን የሚዛን ድንጋይ ተውሰን ነው። ድሮ እያንዳንዱ ኢንስፔክተር በእጁ ጨመቅ አርጎ ነበር የሚያየው፣ ጉልበታሙ የጣለውን ሌላው ያሳልፈዋል።

በዚህ መንገድ በሁለት ሳምንት 6,000 ጠርሙስ አየን፣ 36 አፈሰሱ። ከሚሊዮን ሲሰላ 6,000 ዲፌክት ማለት ነው፣ የተለመደችዋን የ1.5 ሲግማ ሽግሽግ ጨምረህ የሲግማ ሠንጠረዡን ስታየው 4 ሲግማ አካባቢ። ሲግማዋን ለአለቃህ ሪፖርት ጻፋትና እርሳት፣ ላይኑ ላይ ምንም አትረዳህም።

አሁን ሜዠር፣ እኔ የተዋረድኩበት። ክዳን የሚያፈሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለላላ ነው ብለን ክዳኑን ለመክፈት የሚያስፈልገውን ጉልበት በቶርክ ቴስተር መለካት ጀመርን። ሳምንት ሲሞላ የቀን ሺፍት አማካይ 13 ኢንች ፓውንድ፣ የማታ ሺፍት 10። ማኔጀሩ አየውና "አላልኳችሁም፣ ማታ ይተኛሉ" አለ፣ ሁለት ልጆች ላይ ማስጠንቀቂያ ሊጻፍ ወረቀቱ ሁሉ ተዘጋጅቶ ነበር። ያዳናቸው አንዷ የላብ ልጅ ናት፣ "የማታውን ናሙና እኮ የምንለካው ጠዋት ስንገባ ነው" አለች። ልክ ነች። ፕላስቲክ ክዳን ከጠበቀ በኋላ እየቆየ ስለሚረግብ ለመክፈት የሚፈልገው ጉልበት ይቀንሳል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት። የቀኑን ወዲያው፣ የማታውን ከስምንት ሰዓት በኋላ እየለካን ሰዎቹን ሳይሆን ሰዓቱን ነበር የምናወዳድረው። ሁሉንም ከታሸገ ልክ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንለካ ብለን ስንደግመው ልዩነቱ ጠፋ። እና ጌጅ አር ኤንድ አር፣ ማለትም የልኬቱን አስተማማኝነት ፍተሻ፣ ስትሰራ መሳሪያውንና ሰዉን ብቻ አትይ፣ መቼ እንደሚለካም አንድ አድርገው።

አናላይዝ ላይ ዓሣ አጥንት ስለን ሰላሳ ምናምን ምክንያት ደረደርን፣ ግማሹ "የሰራተኛ ግዴለሽነት" ነው፣ አልጠቀመንም። የጠቀመን በጣም ቀላል ነገር ነው። ክዳን የሚያጠብቀው ማሽን፣ ካፐራችን፣ 12 የማጥበቂያ ሄድ አለው፣ እኛ ግን ድሮ ናሙና የምንወስደው ከኮንቬየሩ መጨረሻ እንደመጣ ነበር፣ የትኛው ጠርሙስ በየትኛው ሄድ እንደተዘጋ አይታወቅም። ባጋጣሚ ያን 6,000 ስንሰበስብ አንድ ኦፕሬተር "በዙር ውሰዱት" ብሎን ሄድ 1 ላይ ቀለም ቀብተን ከሱ ጀምረን 12፣ 12 እየወሰድን አንገቱ ላይ በማርከር ቁጥር ጽፈንበት ነበር። 36ቱን በቁጥር ስንለያቸው 13ቱ ከሄድ 4፣ 9ኙ ከሄድ 9። ሁለት ሄድ ብቻ 22 አፍስሰዋል። የቀሩት 14 በሁሉም ተበትነዋል፣ ሰዓታቸውን ስናይ ግን 11ዱ መብራት ጠፍቶ ላይኑ ቆሞ ሲነሳ የወጡ ናቸው።

እዚህ ጋ ቶሎ "ሄድ 4 ተበላሽቷል" አትበል፣ ችግሩ ከሄዱ ስር ጠርሙሱን የሚይዘው ቦታም ሊሆን ይችላል። ጋሼ (የሜንቴናንስ አባታችን፣ ማሽኑን በድምፁ የሚያውቁት) የ4ን ሄድ ፈተው 7 ቦታ ላይ፣ የ7ን 4 ላይ አሰሩት። በማግስቱ የሚያፈሰው ከ7 ቦታ መምጣት ጀመረ። ችግሩ ሄዱን ተከትሎ ሄደ ማለት ነው። ሲከፈት የማግኔት ክላቹ ክፍተት ከሌሎቹ ሰፍቶ ተገኘ፣ ማግኔቶቹ ሲራራቁ ክላቹ ቶሎ ይለቃል፣ ክዳኑ ሳይጠብቅ ይተወዋል። 9 ደግሞ ክላቹ ደህና ነው፣ ክዳኑን የሚጨብጠው ቸክ ጥርሱ ተበልቶ እየተንሸራተተ ነው። ከውጪ ሲታይ አንድ አይነት ዲፌክት፣ መንስኤው ግን ሁለት።

ኢምፕሩቭ አጭር ነው፦ 12ቱንም ክላች በመለኪያ አንድ ላይ አስተካከልን፣ የ9ን ቸክ ቀየርን፣ መብራት ሲጠፋ ካፐሩ ውስጥ የቀሩት ጠርሙሶች ወጥተው ይጣላሉ። ማኔጀሩ ግን ያለ ምንም ጥናት ሁሉም ሄድ ይጥበቅ ብሎ ነበር፣ በሱ ብንሄድ ደህና የነበሩት አስሩ ከልክ በላይ ጠብቀው የክዳኑን ጥርስ ይበሉት ነበር፣ ጥርሱ የተበላ ክዳን ደግሞ መልሶ ያፈሳል፣ ያላፈሰውንም ደንበኛው በጥርሱ ነው የሚከፍተው። ከዛ ሌላ 6,000 በዛው ዘዴ አየን፣ 4 አፈሰሱ።

ኮንትሮል ላይ አንድ ወጥመድ ልንገርህ። መጀመሪያ በየሁለት ሰዓቱ ከ12ቱ ሄድ አንድ አንድ ወስደን አማካዩን ቻርት ላይ አደረግነው፣ ቻርቱ እንደ ጣና ጠዋት ጸጥ ያለ። ያ ጸጥታ ውሸት ነው፣ የሄዶቹ የርስ በርስ ልዩነት ሬንጁ ውስጥ ገብቶ የቻርቱን ሊሚት ስለሚያሰፋው አንድ ሄድ ቢወድቅም አማካዩ ውስጥ ይሰወራል። ትተነው ለእያንዳንዱ ሄድ የራሱ መስመር ሰጠነው፣ ከሚፈለገው ልክ በታች ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከወረደ ኦፕሬተሩ ማንንም ሳይጠይቅ ላይኑን ያቆማል። ይቺን "ሳይጠይቅ" የምትለዋን ለማስፈረም ከሁሉም በላይ የተከራከርንባት ናት። ስምንት ወር ቆይቶ የ9 መስመር ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ፣ ቸኩ እንደገና አልቆ ነው፣ አንድም ጠርሙስ ሳያፈስ በሻይ ሰዓት ቀየሩት።