«ሐዘኑን ምክንያት በማድረግ» ተራዘመ ወይስ ተላለፈ?

ጥያቄ፦ «የቤት ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለን። በሐምሌ 2016 የጎፋው የመሬት ናዳ አደጋ ደርሶ ብሔራዊ ሐዘን ሲታወጅ የቅናሽ ሽያጭ ልንጀምር ነበር። ተውነውና በቴሌግራም ቻናላችን ‹ብሔራዊ ሐዘኑን ምክንያት በማድረግ ታላቁ የቅናሽ ሳምንታችን ተራዝሟል› ብለን ለጠፍን። ሰው በስድብ አጥለቀለቀን። እኛ እኮ ለሐዘኑ ክብር ብለን ነው ያስቀረነው። ጥፋታችን ምኑ ላይ ነው? ሌላ ጊዜስ እንዴት እንጻፈው?»

መልስ፦ ሐሳባችሁ ጥሩ ነበር። የከዳችሁ አማርኛው ነው፤ ያውም ሁለት ቦታ።

መጀመሪያ «ተራዝሟል» የሚለውን እንየው። ይህ ግስ ሁለት ፊት አለው። «ስብሰባው ተራዘመ» ስንባል ዛሬ የለም፣ ሌላ ቀን ነው ብለን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። «የምዝገባው ጊዜ ተራዘመ» ስንባል ግን እፎይ እንላለን፤ ተጨማሪ ቀን ተሰጥቶናልና። አንዱ መዘግየት ነው፣ ሌላው መርዘም። አንባቢ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው አጠገቡ ካለው ስም ነው። ስሙ ቆይታን የሚናገር ከሆነ፣ ማለትም ጊዜ፣ ሳምንት፣ ወር ከሆነ፣ ጆሮ የሚሰማው መርዘሙን ነው። እናንተ ደግሞ «የቅናሽ ሳምንታችን» አላችሁ። ስለዚህ ሰው ያነበበው «ሐዘን ስለሆነ ቅናሹን ጨምረንላችኋል» የሚለውን ነው። እኔም ባነብ ያው ነበር የምረዳው።

«ለሌላ ጊዜ አስተላልፈናል» ብትሉ ኖሮ ሁለተኛ ትርጉም የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

ሁለተኛው ይብሳል። «ምክንያት በማድረግ» የድግስ ቋንቋ ነው። «የትንሣኤን በዓል ምክንያት በማድረግ ልዩ ቅናሽ»፣ «አሥረኛ ዓመታችንን ምክንያት በማድረግ ሽልማት»። ሬዲዮ ላይ ይህን ሐረግ የሰማ ሰው ቀጥሎ ስጦታ ይጠብቃል። ከዚያ ውጭ ሐረጉ ያለው ትርጉም ሰበብ መፈለግ ነው፤ «ዝናቡን ምክንያት አድርጎ ከሥራ ቀረ» እንደምንለው። እንግዲህ ሐዘኑ ወይ በዓል ሆነ፣ ወይ ሰበብ ሆነ። ሁለቱም አያምርም። ከዚህ የሚያስጥላችሁ አንዲት ፊደል ናት፤ «በብሔራዊ ሐዘኑ ምክንያት»። «በ» ስትገባ ነገሩ ተራ ምክንያት ይሆናል። መንገድ በጎርፍ ምክንያት ተዘጋ እንደሚባለው ነው።

የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ ሐረግም አለ፤ «ይህን አጋጣሚ በመጠቀም»። በሐዘን ሰሞን ከአፋችሁ እንዳይወጣ። ዝርዝር ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

አሁን ወደ አጻጻፉ። ልጅ ሳለሁ የሰፈራችን እድር ጡሩምባ ነፊ በሌሊት ሲያልፍ የሚለው ትዝ ይለኛል። ማን እንደሞተ፣ ቤቱ የት እንደሆነ፣ ቀብሩ በስንት ሰዓትና በየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ይናገራል። በቃ። ቅጽል የለም። «ታላቅ» የለም። በእንዲህ ያለ ቀን የሚጻፍ ማስታወቂያም ከዚህ ባይርቅ እመርጣለሁ።

የእናንተን ለምሳሌ እንዲህ አደርገዋለሁ። ቀኖቹን እኔ ገምቼ ነው ያስገባሁት። «ከሐምሌ 21 ጀምሮ ልናካሂደው የነበረውን የቅናሽ ሽያጭ በብሔራዊ ሐዘኑ ምክንያት ለሌላ ጊዜ አስተላልፈነዋል። አዲሱን ቀን በነሐሴ መጀመሪያ እናሳውቃለን። ሱቃችን ክፍት ነው። የተከፈለባቸው ዕቃዎች በቀጠሯቸው ቀን ይደርሳሉ።» «ታላቁ» ወጣ። ቃለ አጋኖም የለም። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች የገቡት አልጋ አዝዞ ገንዘብ የከፈለ ሰው «ቀረ ማለት ነው?» ብሎ እንዳይጨነቅ ነው።

የሐዘን መግለጫውን ግን ከዚህ ጋር አትቀላቅሉት። ለብቻው ይውጣ። በዚያ አደጋ በገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ሰው ነው ያለቀው። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ ሮጠው ደርሰው በሁለተኛው የተዋጡ ናቸው። ይህን የሚያህል ነገር ከሶፋ ዋጋ ጋር አንድ ገጽ ላይ አይቀመጥም። ከመግለጫው ግርጌ ስልክ ቁጥር፣ የቅርንጫፍ አድራሻና «ምርጫዎ ያድርጉን» የሚል መፈክር አለመኖሩንም አረጋግጡ። ብዙ ጊዜ ዲዛይነሩ ከድሮው ፖስተር ቀድቶ ይተወዋል። ለቅሶ ቤት ገብቶ ቢዝነስ ካርድ እንደማደል ነው።

ቃሉስ? «ነፍስ ይማር» ብዙዎቻችን ሳናስበው የሚወጣን ነው፤ ግን ለሁሉም አይሆንም። ፕሮቴስታንት አማኞች ለሞተ ሰው ነፍስ ስለማይጸልዩ አይጠቀሙበትም። ሙስሊሞችም የራሳቸው አባባል አላቸው። አንድ ሱቅ ለሁሉም ደንበኛ ሲጽፍ «ለሟች ቤተሰቦች መጽናናትን እንመኛለን» ቢል ማንንም አያገልልም።

«ከእያንዳንዱ ሽያጭ ይህን ያህል በመቶ ለተጎጂዎች» ስለሚለውም ሳትጠይቁኝ ልናገር። ችግሩ ያለው ግሱ ውስጥ ነው። «ሲገዙ እንሰጣለን» ማለት ካልገዛችሁ አንሰጥም ማለት ነው። መርዳት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ስጡ፤ ከዚያ መጻፍ ካለባችሁ በኃላፊ ጊዜ ግስ ጻፉ፤ «ይህን ያህል ብርድ ልብስ አስረክበናል»።

መቼ እንመለስ ለሚለው፣ የታወጀው ሐዘን ከሐምሌ 20 ጀምሮ ሦስት ቀን ነበር። ከሣልስት ጋር መገጣጠሙ ለእኛ ጆሮ ቅርብ ያደርገዋል፤ ከሣልስት በኋላ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል። እኔ ግን ባንዲራው ከፍ አለ ብሎ በነጋታው ማስታወቂያ መልቀቅ አይጥመኝም። አስከሬን ፍለጋው ካልቆመ ሰው ልቡ እዚያው ነው። ስትመለሱም «ተመልሰናል!» አትበሉ። የዕቃውን ስም፣ የድሮውን ዋጋ፣ የአሁኑን ዋጋ ጽፋችሁ ልቀቁት።

የኑሮ ችግር ሲሆን ነገሩ ትንሽ ይለያል። ያን ሰሞን፣ ሐምሌ 22፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና ስለ ዋጋ የማያወራ ሰው ጠፋ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቅናሽ ራሱ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ሰው ይፈልገዋል። የሚያናድደው «ዋጋ ሳይንር ይፍጠኑ!» የሚለው ነው። ያ ማስፈራራት ነው። «ያለንን ክምችት እስኪያልቅ በድሮው ዋጋ እንሸጣለን» ማለት ግን መረጃ ነው፤ እውነት ከሆነ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የተሰደባችሁበት ጽሑፍ አሁንም ቻናሉ ላይ ካለ አውርዱትና ይቅርታ ጠይቁ። ብዙ ድርጅት የሚጽፈውን «ቅር የተሰኛችሁ ካላችሁ ይቅርታ» ግን አትጻፉ። በዚያች «ካላችሁ» ጥፋቱ ከጸሐፊው ወጥቶ አንባቢው ላይ ያርፋል፤ አንተ ነህ ቶሎ የምትቀየመው እንደማለት። «ሽያጩን አስተላልፈናል ለማለት ተራዝሟል ብለን ጽፈናል። ይቅርታ እንጠይቃለን።» ይኸው ነው።